ዋሽንቱ ሲከስም እንዳይሻክር፦ ድምፅን ከ24 ወደ 16 ቢት ሲያወርዱ ዲዘር የመጨመር አሠራር

ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለ አንድ የመንዝ መንደር የተቀረጸ ዋሽንት በእጃችን አለ። ቀረጻው 24 ቢት፣ 48,000 ኸርዝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በኮምፒውተር ተስተካክሎ ለሲዲ መዘጋጀት አለበት፤ የሙዚቃ ሲዲ ደግሞ የሚቀበለው 16 ቢት፣ 44,100 ኸርዝ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ዜማውን አላቆመም፤ እየነፋ ሳለ እኛ በ12 ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ እያከሰምን ቀረጻውን እንዘጋለን።

ይህ መመሪያ ለእነዚያ 12 ሰከንዶች የተጻፈ ነው። ዲዘር የምንለው የድምፁ ቁጥሮች ወደ 16 ቢት ከመጠጋጋታቸው በፊት የሚጨመርባቸውን ትንሽ የዘፈቀደ ኖይዝ ነው። ከ24 ወደ 16 ቢት መውረድ የሚያስከትለው ጉዳት ዋሽንቱ በሙሉ ድምፁ በሚነፋበት ክፍል በጆሮ አይያዝም። የሚጋለጠው ድምፁ ሲያንስ፣ ጅራቱ ላይ ነው። ይህን ለመስማት ከሀገራችን መሣሪያዎች ዋሽንት ይመቻል፤ ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ባዕድ ነገር ሲጨመርበት ቶሎ ይለያል። በገናን ለዚህ ፈተና አልመርጠውም። አውታሩ እንዝራውን እየነካ ስለሚንዘረዘር፣ ከኮምፒውተሩ የመጣውን መንዘርዘር ከመሣሪያው ለመለየት ጆሮ ይቸገራል።

ለሥራው ሶክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ትእዛዙ በተርሚናል የሚጻፍ በመሆኑ የሥራው ቅደም ተከተል በአንድ መስመር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ነው። በኦዳሲቲ ለሚሠሩ ሰዎች የሚያስፈልገውን ወደ መጨረሻው አካባቢ አስቀምጫለሁ።

1ኛ ደረጃ፦ ፋይሉ በእርግጥ 24 ቢት መሆኑን ማረጋገጥ

የፋይሉ ስም ወይም ንብረቱ 24 ቢት ማለቱ በቂ አይደለም። አንድ ሰው 16 ቢት የነበረውን ቀረጻ በ24 ቢት መልክ አስቀምጦ ሊልክልን ይችላል፤ ያን ጊዜ የታችኞቹ 8 ቢቶች ባዶ ናቸው። እንዲህ ይጠየቃል፦

```
sox washint24.wav -n stats
```

ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ `Bit-depth` የሚለውን መስመር ፈልጉ። በዚያ መስመር ላይ በስላሽ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ከስላሹ በኋላ ያለው 24 ከሆነ ቀረጻው የታችኞቹን ቢቶች ተጠቅሞባቸዋል። 16 ከሆነ ግን ማጠጋጋቱ ከእኛ በፊት በሌላ እጅ ተፈጽሟል። ያለ ዲዘር ተጠጋግቶ ከሆነ የመጣው መዛባት ከዋሽንቱ ጋር አንድ ሆኗልና፣ አሁን የምንጨምረው ዲዘር አያወጣውም። ዋናውን ቀረጻ ከመቅረጫው ላይ በቀጥታ መጠየቅ ይሻላል።

2ኛ ደረጃ፦ ጉዳቱን አጉልቶ መስማት

በ16 ቢት ላይ ጉዳቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ምን እንደምንፈልግ ሳናውቅ ብናዳምጥ አናገኘውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሆን ብለን ወደ 8 ቢት እናውርደው። የምንሠራው ለጆሮ ትምህርት ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ ኋላ ይጣላሉ።

```
sox -D washint24.wav -b 8 a8.wav fade l 0 -0 12
sox washint24.wav -b 8 b8.wav fade l 0 -0 12 dither
```

በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው `-D` ዲዘር እንዳይጨመር ይከለክላል። ሶክስ ወደ 16 ወይም ወደ 8 ቢት ሲያወርድ በራሱ ፈቃድ ዲዘር ስለሚጨምር፣ ያልተጨመረበትን ለመስማት መከልከል ግድ ነው። `fade l 0 -0 12` ማለት መግቢያው ላይ ምንም አታድርግ፣ ከፋይሉ መጨረሻ 12 ሰከንድ ሲቀረው ማክሰም ጀምር ማለት ነው። `l` የተባለው ዓይነት ድምፁን በየሰከንዱ በእኩል የዴሲቤል መጠን ይቀንሰዋል፤ በ12 ሰከንድ ውስጥ 100 ዴሲቤል ያወርዳል፣ ማለትም በሰከንድ ከ8 ዴሲቤል በጥቂት የሚበልጥ።

አሁን የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ የ`a8.wav`ን ጅራት ስሙ። ዋሽንቱ መክሰም እንደጀመረ ይሻክራል፤ ልስላሴው ይጠፋና እንደ ጥንዚዛ መንዘርዘር ይጀምራል። ከዚያም ሳይከስም በድንገት ይቆረጣል። በሜዳ ቀረጻ እንዲህ ያለውን ጅራት ለተጫዋቹ አሰምታችሁት ከሆነ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። አንድ አዛውንት የመንዝ ዋሽንት ነፊ ሰምተው «ልጄ፣ ዋሽንቴ ተሰንጥቋል እንዴ?» ብለው ነበር። «የለም አባባ፣ ዋሽንትዎ ደኅና ነው፤ ያበላሸነው እኛ ነን» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረም።

`b8.wav`ን ስትሰሙት ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ የማያቋርጥ ሽውታ አለበት። በ8 ቢት ላይ ሽውታው ጎላ ይላል፤ አይገርማችሁ። ሽውታውን አሳልፋችሁ ጆሯችሁን ወደ ዋሽንቱ ምሩት። ዋሽንቱ ከሽውታው ሥር ለስላሳ ሆኖ ይቀጥላል፣ በፊተኛው ፋይል ተቆርጦ ከቀረበት ቦታም አልፎ ይሰማል፣ ከዚያም እንደ ደንቡ ከስሞ ያልቃል። የዲዘር ሥራ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ፋይሎች ልዩነት ውስጥ አለ።

ለምን ይሻክራል?

ዲጂታል ድምፅ ቁጥር ነው። በ16 ቢት 65,536 እርከኖች አሉ፤ በ24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ። ከ24 ወደ 16 ስንወርድ 256 ትንንሽ እርከኖች ወደ አንድ ትልቅ እርከን ይጠቃለላሉ፣ በመካከል የወደቀው ሁሉ ወደሚቀርበው ይጠጋጋል። ከአንኮበር ተዳፋት ላይ እንደሚሠራው የእርሻ እርከን ማለት ነው፤ ትልቁ ተራራ ቢታረከንም ከሩቅ ሲያዩት ተራራነቱን አይለቅም፣ ትንሿ ጉብታ ግን አንድ እርከን ከተሠራባት ጉብታነቷ ጠፍቶ ሳጥን ትሆናለች።

የዋሽንቱን ጅራት በቁጥር እንከተለው። የመጨረሻዎቹ ድምፆች ጫፍ ዲጂታሉ ከሚችለው ጣሪያ 20 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይገኛል እንበል። በ16 ቢት እርከን ሲቆጠር ይህ ሞገድ ወደ ላይ 3,277፣ ወደ ታችም ያንኑ ያህል እርከን ይወጣል፣ ይወርዳል። እዚህ ላይ የማጠጋጋቱ ስሕተት ከሞገዱ አንጻር ኢምንት ነው። ማክሰሙ ከጀመረ 6 ሰከንድ በኋላ ሞገዱ 10 እርከን ብቻ ቀርቶታል። በ8ኛው ሰከንድ አንድ ተኩል ነው። በ9ኛው ሰከንድ ወደ 0.6 ወርዷል፣ ጥቂት ቆይቶ ከግማሽ እርከን በታች ይሆናል። ከግማሽ በታች የሆነው ሁሉ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋጋ፣ ዲዘር ከሌለ ከዚያ ወዲያ ያለው 3 ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ፍጹም ዝምታ ነው። እኛ 12 ሰከንድ አከሰምነው ብለን ነበር፤ ፋይሉ ግን 9 ሰከንድ ላይ ቆርጦታል።

ከመቆረጡ በፊት ያለው ደግሞ ይብሳል። ሞገዱ አንድ ተኩል እርከን ብቻ ሲሆን የሚያልፍባቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፤ ክቡ ሞገድ ማዕዘን ያለው ደረጃ ይሆናል። ማዕዘን ያለው ሞገድ ሃርሞኒኮችን ይወልዳል፦ ዋሽንቱ 500 ኸርዝ ላይ ቢነፋ 1,500፣ 2,500፣ 3,500 እያለ ወደ ላይ ይቀጥላል። መንዘርዘሩ ከዚህ የመጣ ነው። በሲዲ ላይ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ከዚህ የናሙና ፍጥነት ግማሽ፣ ማለትም ከ22,050 ኸርዝ የሚያልፉት ደግሞ ታጥፈው ይመለሳሉ፤ 22,500 ላይ መሆን የነበረበት ሃርሞኒክ 21,600 ላይ ይወድቃል። 21,600 ለ500 እጥፍ አይደለም። ስለዚህ የሚጨመረው ነገር ከዜማው ጋር የማይስማማ ድምፅም አለበት፤ ዜማው ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥርም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጆሮን የሚያስቸግረው ይህ ስሕተቱ ዜማውን መከተሉ ነው። ዜማውን የማይከተል፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ሽውታን ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል፤ እየተከተለ የሚለዋወጠውን ግን የሙዚቃው አካል አድርጎ ይሰማዋል።

ዲዘር ምን ያደርጋል?

ዲዘር ከማጠጋጋቱ በፊት በእያንዳንዱ ናሙና ላይ የሚጨመር ትንሽ የዘፈቀደ ቁጥር ነው። «ከማጠጋጋቱ በፊት» የሚለውን አስምሩበት። ከተጠጋጋ በኋላ ኖይዝ መጨመር መዛባቱን በላዩ ላይ ከመሸፈን በቀር ምንም አይለውጥም፤ ከማጠጋጋቱ በፊት ሲጨመር ግን መዛባቱ ጭራሽ እንዳይፈጠር ያደርጋል።

በአንድ ቁጥር እንየው። ሞገዱ በአንድ ቅጽበት 0.3 እርከን ላይ ነው። ዲዘር ከሌለ ሁልጊዜ ዜሮ ይሆናል፤ መቶ ጊዜ ብንሞክረው መቶ ጊዜ ዜሮ ነው፤ 0.3 መሆኑን የሚመሰክር ምንም አይቀርም። አሁን በየጊዜው ከ−1 እስከ +1 እርከን ባለው ክልል ውስጥ የሚወድቅ የዘፈቀደ ቁጥር እንጨምርበት። ይህ ቁጥር ሁለት እኩል ዕድል ያላቸው የዘፈቀደ ቁጥሮች ተደምረው የተገኘ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ−0.5 እስከ +0.5 ይደርሳሉ። ሁለት ዳይ ሲጣል ሰባት እንደሚበዛ ሁሉ፣ ድምሩም ወደ ዜሮ የቀረበው ይበዛል፣ ወደ ዳር የሄደው ያንሳል። ሥዕሉ ሦስት ማዕዘን ስለሚሆን ባለ ሦስት ማዕዘን ዲዘር ይባላል። ውጤቱ ሲሰላ ከመቶ ናሙናዎች በአማካይ 32ቱ ወደ 1 ይጠጋጋሉ፣ 66ቱ ወደ 0፣ 2ቱ ወደ −1። ደምሩት፦ 32 ሲቀነስ 2፣ 30 ነው። ለመቶ ሲካፈል 0.3። ከእርከኑ በታች የነበረው ቁጥር በአማካዩ ውስጥ ሳይጎድል ቆይቷል። በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚሰማ ጆሮ ይህንን አማካይ እንደ ዜማ፣ ልዩነቱን እንደ ሽውታ ይሰማዋል። ከሽውታው ሥር ዋሽንቱ ይሰማል ያልኩት ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ሁለት ቁጥር ይደመራል፣ አንዱ አይበቃም? አንዱ ብቻ ቢጨመርም አማካዩ ይድናል፤ መዛባቱም ይጠፋል። ነገር ግን ሌላ ችግር ይቀራል። ሞገዱ ልክ 0 ላይ ሲሆን ከግማሽ የማይበልጥ ቁጥር ቢጨመርበት አሁንም 0 ነው፤ ሽውታ የለም። ሞገዱ 0.5 ላይ ሲሆን ግን ግማሹ ጊዜ 0፣ ግማሹ ጊዜ 1 ይሆናል፤ ሽውታው በኃይል ይመጣል። ስለዚህ ሽውታው ከዋሽንቱ ጋር እየመጣ እየሄደ ይተነፍሳል። በባለ ሦስት ማዕዘኑ ዲዘር ግን በ0ም፣ በ0.3ም፣ በ0.5ም ላይ ብታሰሉት የሽውታው ኃይል እኩል ነው፤ የስሕተቱ ስኩዌር በአማካይ ሁልጊዜ የአንድ እርከን ስኩዌር ሩብ ይወጣል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስታንሊ ሊፕሺትዝ እና ጆን ቫንደርኮይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን በሒሳብ አብራርተው አሳይተዋል። ዋጋው ዲዘር ከሌለው የማጠጋጋት ስሕተት ጋር ሲነጻጸር 4.8 ዴሲቤል ያህል የጨመረ ኖይዝ ነው። በ16 ቢት ላይ ይህ ሙሉ ድምፅ ካለው ሳይን ሞገድ 93 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ያለ ሽውታ ማለት ነው። ለዚህ የሚገኘው ለውጥ ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

3ኛ ደረጃ፦ እውነተኛውን ፋይል ማውጣት

```
sox washint24.wav -b 16 cd16.wav fade l 0 -0 12 rate -v 44100 dither
```

መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡት። መጀመሪያ ይከስማል፣ ከዚያ የናሙናው ፍጥነት ከ48,000 ወደ 44,100 ይለወጣል፣ በመጨረሻ ዲዘር ተጨምሮ ወደ 16 ቢት ይጠጋጋል። ሶክስ በመካከል ያለውን ሥራ የሚሠራው በ32 ቢት ስለሆነ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ትንንሾቹ ቁጥሮች አይጠፉም። ድምፁን ከፍ ማድረግ፣ ኢኳላይዘር፣ ኮምፕረሰር ማስገባት የምትፈልጉ ከሆነ ሁሉም ከ`dither` በፊት ይግባ። ከእሱ በኋላ ምንም አይጻፍም።

ይህን ቅደም ተከተል የሚያፈርሰው በጣም የተለመደው ነገር ማክሰሚያውን ኋላ ላይ መሥራት ነው። አንዱ ሰው ፋይሉን በዲዘር አሳምሮ ወደ 16 ቢት ያወርዳል፤ ሌላው የሲዲውን ቅደም ተከተል ሲያሰናዳ «ይህ ዜማ ረዘመ» ብሎ በ16 ቢቱ ላይ ያከስመዋል። ማክሰም እያንዳንዱን ናሙና በክፍልፋይ ማባዛት ነው፤ ዲዘሩም አብሮ ይባዛና ያንሳል፣ ውጤቱ ደግሞ እንደገና ይጠጋጋል። ሁለተኛው ማጠጋጋት ያለ ዲዘር ከሆነ ጅራቱ እንደ `a8.wav` ይሻክራል፤ የመጀመሪያው ዲዘር ምንም አልጠቀመም።

ስለ መንዝ ነፋስም እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ፤ «የሜዳ ቀረጻ በራሱ ኖይዝ አለው፣ ዲዘር አያስፈልገውም» የሚል ክርክር በተደጋጋሚ ይነሳል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ነፋሱና የማይክሮፎኑ የራሱ ኖይዝ ከጣሪያው 65 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ካለ፣ በ16 ቢት እርከን ሲታይ ከአንድ እርከን እጅግ የበለጠ ነው። ያ ኖይዝ ማጠጋጋቱን ያናውጠዋል፣ ሳይጠሩት የመጣ ዲዘር ይሆናል። ማክሰም ስንጀምር ግን ነፋሱም አብሮ ይከስማል። አራት ሰከንድ ሳይሞላ ኖይዙ ከግማሽ እርከን በታች ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ መከላከል አይችልም። ዋሽንቱ በዚያን ጊዜ ገና 70 እርከን ያህል አለው፣ መጥፊያውም ሩቅ ነው። ከ4ኛው እስከ 9ኛው ሰከንድ ድረስ ዋሽንቱ ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ነፋሱን በኖይዝ ማጥፊያ ያጸዳ ሰው ደግሞ ጠባቂውን ማክሰሙ ሳይጀመር አባርሮታል። ስለዚህ ማክሰሚያ ወይም የኖይዝ ማጥፊያ ያለበት ሥራ ሁሉ ዲዘር ይፈልጋል ባይ ነኝ፤ የሜዳው ቀረጻ የቱንም ያህል ነፋሻ ይሁን።

4ኛ ደረጃ፦ መሥራቱን ማረጋገጥ

የፋይሉን የመጨረሻ አንድ ሰከንድ ብቻ እንለካ፦

```
sox cd16.wav -n trim -1 stats
```

በዚያ ሰከንድ ውስጥ ዋሽንቱ ከአንድ እርከን በጣም ያነሰ ስለሆነ የሚለካው ዲዘሩ ብቻ ነው። ዲዘሩ በትክክል ከገባ `RMS lev dB` የሚለው መስመር ላይ −96.3 ገደማ ታያላችሁ፤ ይህ ልክ የግማሽ እርከን መጠን ነው። `Pk lev dB` ደግሞ −90.3 አካባቢ ይሆናል፤ አንድ እርከን ማለት ነው። ቁጥሮቹ ከላይ ካሰላነው ጋር ይገጥማሉ፦ ዝምታ ላይ ከመቶው ናሙና 75ቱ ዜሮ ናቸው፣ ቀሪዎቹ እኩል ተከፍለው +1 እና −1 ይሆናሉ። በዚህ ቦታ `-inf` የሚል ካያችሁ ግን ፋይሉ በፍጹም ዜሮዎች ያበቃል፤ ዲዘር አልገባም፣ ወይም ከገባ በኋላ አንድ ነገር አጥፍቶታል።

ጆሮም መመስከር አለበት። የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች ቆርጠን በ50 ዴሲቤል እናጉላቸው፦

```
sox cd16.wav jirat.wav trim -5 gain 50
```

`trim`ን ፈጽሞ አትርሱ። ሙሉው ዜማ በ50 ዴሲቤል ከጎላ በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ሰው አደገኛ ነው። በ`jirat.wav` ውስጥ ከእኩል ሽውታ ሥር እየራቀ የሚሄድ ዋሽንት መስማት አለባችሁ። ያንኑ የ3ኛ ደረጃ ትእዛዝ በ`-D` እና ያለ `dither` ሠርታችሁ ጅራቱን ብታወዳድሩ፣ በ8 ቢት የሰማችሁት መሻከርና መቆረጥ እዚህም ይገኛል።

ያለ ማጉላት በተለመደ የድምፅ መጠን በደብረ ብርሃን ገበያ አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ ይህ ልዩነት አይሰማም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሚሰማው ጸጥ ባለ ክፍል፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው ነው። ሌላም መንገድ አለ፦ ራዲዮ ጣቢያዎች ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ኮምፕረሰር ይጠቀማሉ፤ ያ መሣሪያ የሚያነሳው ልክ ይህንን ጅራት ነው። ቀረጻው ከመነሻው በጣም ዝቅ ብሎ ተቀርጾ ከሆነ ደግሞ መሻከሩ ከጅራቱ አልፎ ወደ ዜማው ራሱ ይገባል።

በኦዳሲቲ ለሚሠሩ

ፕሮጀክቱን `32-bit float` ላይ አድርጉት፣ ማክሰሚያውንም እዚያው ሥሩ። በምርጫዎቹ ውስጥ የጥራት ክፍል ላይ `Dither` የሚል ቦታ አለ፤ `None`፣ `Rectangle`፣ `Triangle`፣ `Shaped` የሚሉ አማራጮችን ይሰጣል። `Rectangle` የተባለው አንድ ቁጥር ብቻ የሚጨምረው፣ ሽውታው የሚተነፍሰው ነው። `Triangle` እስካሁን የተናገርንለት ነው። ፋይሉን በ`Signed 16-bit PCM` ስታወጡ ዲዘሩ ያን ጊዜ ይገባል። አንድ ጊዜ በ16 ቢት አውጥታችሁ፣ መልሳችሁ አስገብታችሁ፣ እንደገና ብታወጡ ዲዘሩ ሁለት ጊዜ ሊጨመር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሽውታው በ3 ዴሲቤል ያድጋል። ዜማውን አያበላሽም፤ ብቻ ያለ ምክንያት ነው። ያለ ዲዘር ከማውጣት ግን ሁለት ጊዜ መጨመሩን እመርጣለሁ።

`Shaped` ሽውታውን ቅርጽ ይሰጠዋል፦ ጆሮ በጣም ከሚሰማበት ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ካለው አካባቢ ወስዶ ብዙ ሰው ወደማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ይገፋዋል። በሶክስ `dither -s` ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ጆሮ ላይ ሽውታው ያነሰ ይመስላል፤ በመለኪያ ግን ጠቅላላው ይበልጣል፣ ስለዚህ በ4ኛው ደረጃ −96.3 አትጠብቁ። የምጠቀምበት ከእኔ እጅ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሲዲ ለሚሄድ ፋይል ብቻ ነው። ሌላ ሰው የሚያስተካክለው ከሆነ፣ ወደ ላይ የተገፋው ኖይዝ በኢኳላይዘር ሊነሳ ስለሚችል፣ ተራው ባለ ሦስት ማዕዘን ይሻላል።

ፋይሉ ወደ ኤምፒ3 የሚሄድ ከሆነ ይህ ሁሉ ደረጃ ይዘለላል። የኤምፒ3 ማሸጊያው የ24 ቢቱን ፋይል በቀጥታ መቀበል ይችላል፤ ወደ 16 ቢት አውርዶ፣ ዲዘር ጨምሮ፣ ከዚያ ማሸግ ማሸጊያው ያንን ሽውታ ለመሸከም ቢቶቹን እንዲያባክን ማድረግ ነው። ስለዚህ የከሰመውን ዜማ መጀመሪያ በ24 ቢት አስቀምጡ፦

```
sox washint24.wav -b 24 master24.wav fade l 0 -0 12
```

ለሲዲው ከዚህ `master24.wav` በ`rate` እና በ`dither` አንድ ጊዜ ታወርዳላችሁ፣ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3ም ከዚሁ ታሽጋላችሁ። ሌላ አዘጋጅ «ጅራቱን አሳጥርልኝ» ቢላችሁም የምትከፍቱት ይህንኑ ፋይል ነው፤ `cd16.wav`ን አይደለም።